የአክሲዮን ዋጋ ከትርፉ ስንት እጥፍ ቢሆን ይገባዋል?

አንድ ሰው የባንክ አክሲዮን ሊሸጥልዎ መጥቶ «የተጻፈ ዋጋው 1,000 ብር ነው፤ እኔ ግን ከ2,520 ብር አላወርድም» ቢልዎ ምን ይመልሱለታል? ብዙ ገዢ መልሱን የሚፈልገው የሌላ ባንክ አክሲዮን ሰሞኑን ስንት እንደወጣ በመጠየቅ ነው። ይህ ግን ሌላው ገዢ ስንት እንደከፈለ እንጂ አክሲዮኑ ስንት እንደሚገባው አይነግርም። በጥር 2017 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፍቶ ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ተመዝጋቢ ኩባንያ ከሆነ ወዲህ የአክሲዮን ዋጋ በይፋ የሚታይበት ቦታ ተገኝቷል። የታየው ዋጋ ተገቢ ነው ወይ የሚለውን ማስላት ግን አሁንም የገዢው ፈንታ ነው።

መነሻው የዋጋና የትርፍ ንጽጽር፣ በተለምዶ ፒ/ኢ የሚባለው ነው። የአክሲዮኑን ዋጋ ባንኩ በአንድ አክሲዮን ላገኘው የዓመት ትርፍ ያካፍላሉ። ያ ባንክ ባለፈው ዓመት በአንድ አክሲዮን 300 ብር አትርፎ ከሆነ፣ 2,520 ሲካፈል ለ300 8.4 ይሆናል። ሻጩ የትርፉን 8.4 እጥፍ እየጠየቀ ነው ማለት ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ስንት እጥፍ ነበር ተገቢው የሚለው ነው። ይህን የሚወስኑት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ባንኩ ከትርፉ የሚያከፋፍለው ድርሻ፣ ትርፉ በየዓመቱ የሚያድግበት መጠን፣ እና እርስዎ ገንዘብዎን እዚያ ለማስቀመጥ የሚፈልጉት ዓመታዊ ተመላሽ።

ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው ማካፈሉ ላይ አይደለም። ሦስቱን ቁጥሮች ከሦስት የተለያየ ቦታ ለቃቅሞ አንድ ላይ ሲያስቀምጣቸው ነው የሚሳሳተው። ስለዚህ ከታች ያለውን ቅደም ተከተል ሳይዘሉ ይከተሉ። የምጠቀምበት ባንክ ለምሳሌ ያህል የተዘጋጀ ነው፤ የማንም ትክክለኛ ሂሳብ አይደለም።

ቀመሩ

አክሲዮን የገዛ ሰው የገዛው ወደፊት የሚመጣለትን የትርፍ ድርሻ ነው። ድርሻው በየዓመቱ በተመሳሳይ መጠን እያደገ ይቀጥላል ብለን ብንነሳ፣ የዛሬው ተገቢ ዋጋ የሚገኘው የመጪውን ዓመት ድርሻ «ከሚፈለገው ተመላሽ ላይ ዕድገቱ ተቀንሶ» ለሚቀረው ቁጥር በማካፈል ነው። ማይረን ጎርደንና ኤሊ ሻፒሮ በ1956 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ሞዴል ይህ ነው፤ ሥሩ ግን ጆን በር ዊሊያምስ በ1938 እ.ኤ.አ. ካወጣው መጽሐፍ ይመዘዛል። የዚህን እኩልታ ሁለቱንም ወገን በመጪው ዓመት ትርፍ ሲያካፍሉ የሚቀረው ይህ ነው፦

ተገቢው ፒ/ኢ = የክፍፍል ድርሻ ÷ (የሚፈለግ ተመላሽ − ዕድገት)

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ ቀመር የሚሰጠው በመጪው ዓመት ትርፍ የሚባዛውን እጥፍ ነው። በባለፈው ዓመት ትርፍ ከተሰላ ፒ/ኢ ጋር ማወዳደር ከፈለጉ ውጤቱን «1 ሲደመር ዕድገት» በሚለው ያባዙት። ሁለቱን አቀላቅሎ ማወዳደር አክሲዮኑን ካለበት በላይ ውድ አስመስሎ ያሳያል።

የአንድ አክሲዮን ትርፍ እና የሚከፋፈለው

የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ያውጡ። የባንኮች የበጀት ዓመት በሰኔ ይዘጋል፤ ሪፖርቱ ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ግርጌ የአንድ አክሲዮን ትርፍ ተጽፎ ያገኛሉ። ያንን ቁጥር ይውሰዱ እንጂ የተጣራውን ትርፍ በዓመቱ መጨረሻ ባለው የአክሲዮን ብዛት ራስዎ አያካፍሉ። ብዙ ባለአክሲዮኖች የፈረሙትን አክሲዮን የሚከፍሉት በዓመቱ ውስጥ በተለያየ ቀን ስለሆነ፣ የሪፖርቱ ቁጥር የሚሠራው ገንዘቡ ባንኩ ውስጥ በቆየበት ጊዜ ልክ ተመዝኖ በወጣ አማካይ ብዛት ነው።

ከዚያ ትርፉ ውስጥ የማይደጋገም ነገር ካለ ያውጡለት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ ከዕዳው የበለጠ የውጭ ገንዘብ ሀብት በእጁ የነበረ ባንክ በብር ሲሰላ ትርፍ አስመዝግቧል፤ በተቃራኒው የቆመ ደግሞ ከስሯል። ያ ትርፍ እውነተኛ ነው፤ በየዓመቱ ግን አይመጣም። ይህ ቀመር የዛሬውን ትርፍ ለዘላለም እያሳደገ የሚወስድ ስለሆነ፣ የአንድ ዓመት ድንገተኛ ገቢ ከገባበት ስህተቱም ለዘላለም ይባዛል። ማብራሪያዎቹ ውስጥ የምንዛሪ ትርፍ የሚለውን ርዕስ ይፈልጉና ከግብር በኋላ የቀረውን ይቀንሱ።

የምሳሌያችን ባንክ ከዚህ ሁሉ በኋላ በአንድ አክሲዮን 300 ብር አትርፏል፤ ከዚያ ውስጥ 180 ብሩን አከፋፍሏል። 180 ለ300 ሲካፈል 0.60፣ ማለትም 60 በመቶ ነው። ይህ የክፍፍል ድርሻው ነው።

እዚህ ላይ የኢትዮጵያ ባንኮች የራሳቸው ጣሪያ አላቸው። የሕጋዊ መጠባበቂያው መጠን ከተከፈለው ካፒታል እኩል እስኪሆን ድረስ ባንክ በየዓመቱ ከተጣራ ትርፉ 25 በመቶውን ወደ መጠባበቂያው ማዞር ግዴታው ነው። ስለዚህ መጠባበቂያው ገና ያልሞላ ባንክ ከ75 በመቶ በላይ እንደሚያከፋፍል አድርገው ካሰሉ፣ ሕጉ የማይፈቅደውን ነገር እያሰሉ ነው። ጉባኤው ያወጀውና በእጅ የተከፈለው ድርሻም ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ጉባኤው ድርሻው ወደ ካፒታል ይዙር ብሎ ሲወስን ባለአክሲዮኑ በገንዘብ ፋንታ አዲስ አክሲዮን ይቀበላል። ለስሌቱ የሚወስዱት በጥሬ ገንዘብ የወጣውን ነው። ወደ ካፒታል የዞረው ባንኩ ውስጥ የቀረ ትርፍ ነውና ከዕድገት ወገን ይቆጠራል።

ዕድገቱን ከየት እናመጣዋለን?

ዋናው ስህተት የሚሠራው እዚህ ነው። ሰው የባንኩን ሪፖርት ገልጦ «የተጣራ ትርፍ ከዓምናው በ25 በመቶ አደገ» የሚለውን ያነብና 25ን ቀመሩ ውስጥ ይከተዋል። የጠቅላላ ትርፍ ዕድገት ግን ለእርስዎ አክሲዮን የደረሰ ዕድገት አይደለም። ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ የባንኮች ዝቅተኛ የተከፈለ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር እንዲያድግ አዟል። ባንኮችም አዳዲስ አክሲዮኖችን በብዛት ሸጠዋል። ትርፉ በ25 በመቶ ባደገበት ዓመት የአክሲዮኑ ብዛት በ20 በመቶ ከጨመረ፣ 1.25 ለ1.20 ሲካፈል 1.042 ገደማ ነው። የእያንዳንዱ አክሲዮን ትርፍ ያደገው 4 በመቶ ብቻ ነው ማለት ነው። የቀረው ዕድገት አዲስ ገንዘብ ይዘው የገቡት ሰዎች ነው።

ስለዚህ ዕድገትን ከባንኩ የራሱ ጉልበት ይነሱና ያስሉት። ባንኩ ካላከፋፈለው ትርፍ ላይ በካፒታሉ የሚያተርፈውን ያህል ያተርፋል፦

ዕድገት = ያልተከፋፈለው ድርሻ × በካፒታል ላይ የሚገኝ ትርፍ

ካፒታል ስል የተከፈለውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ መጠባበቂያውንና ያልተከፋፈለ ትርፉን ጨምሮ በሂሳብ ሚዛኑ ላይ የባለአክሲዮኖች የሆነው ሁሉ ነው። ባንካችን ዓመቱን ሲጀምር ይህ ሀብት በአንድ አክሲዮን 1,500 ብር ነበር። 300 ለ1,500 ሲካፈል 20 በመቶ ይሆናል። ያላከፋፈለው 40 በመቶ ነው። 0.40 በ20 በመቶ ሲባዛ ዕድገቱ 8 በመቶ ሆነ። በዓመቱ መሀል ብዙ አዲስ ካፒታል የገባበት ባንክ ከሆነ፣ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አማካይ መጠቀም ይሻላል።

የአምስት ዓመት ሪፖርቶችን ማግኘት ከቻሉ በካፒታል ላይ የተገኘውን ትርፍ ለአምስቱም ዓመት ያስሉ። ቁጥሩ ከዓመት ዓመት እየወረደ ከሆነ፣ ቀመሩ ውስጥ የሚገባው የቅርቡ ነው፤ አማካዩ አይደለም። ካፒታሉ በፍጥነት ያበጠ ባንክ አዲሱን ገንዘብ ለማበደር ጊዜ ስለሚወስድበት ይህ መውረድ ደጋግሞ ይታያል።

የሚፈልጉት ተመላሽ

ይህ ከሪፖርት የሚገኝ አይደለም፤ የእርስዎ ነው። መነሻው ያንኑ ገንዘብ ያለ ብዙ ሥጋት ቢያስቀምጡት የሚያገኙት ነው። መንግሥት የሚሸጠው የግምጃ ቤት ሰነድ በጨረታ የሚሰጠው ወለድ ጥሩ መነሻ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ያስተዋወቀው የፖሊሲ ወለድም 15 በመቶ ነበር። ለምሳሌያችን 15ን መነሻ እናድርገው። በዚያ ላይ ለአክሲዮን ሥጋት የሚጨምሩት አለ። ድርሻው ሊቀንስ ይችላል፤ አክሲዮኑን መሸጥ ሲፈልጉም ገዢ ቶሎ ላይገኝ ይችላል። አምስት ነጥብ ጨምረን 20 በመቶ እንበል። በኔ እምነት ባልተመዘገበ ባንክ አክሲዮን ላይ አምስት ነጥብ እንኳን ለጋስነት ነው፤ መውጫው ከመግቢያው በጣም ይጠባልና።

ውጭ አገር ሆነው የሚያሰሉ ወገኖች አንድ ወጥመድ አለባቸው። የአሜሪካ መጻሕፍት ላይ 9 ወይም 10 በመቶ የሚፈለግ ተመላሽ ያነባሉ፤ ዕድገቱን ግን ከብር ሪፖርት ላይ 12 በመቶ ብለው ይወስዳሉ። ከ10 ላይ 12 ሲቀነስ ከዜሮ በታች ይሆናል፤ ቀመሩም ትርጉም የሌለው ቁጥር ይሰጣል። የብር ዕድገት ውስጥ የብር ዋጋ ንረት አለ። ስለዚህ የሚፈለገውም ተመላሽ በብር መሆን አለበት። ሁሉንም በብር ይጨርሱና በመጨረሻ ወደ ዶላር ይለውጡ።

ማካፈሉ

0.60 ለ(0.20 − 0.08) ሲካፈል 5 ነው። ይህ ለመጪው ዓመት ትርፍ ነው። ለባለፈው ዓመት 5 በ1.08 ተባዝቶ 5.4 ይሆናል። መጪው ትርፍ 300 በ1.08፣ ማለትም 324 ብር ነው፤ በ5 ሲባዛ 1,620 ብር ይመጣል። ትክክል መሆኑን በሌላ መንገድ ያረጋግጡ፦ መጪው ድርሻ 194.40 ብር ነው፤ ለ0.12 ሲካፈል ያው 1,620 ነው። ሁለቱ ካልተገናኙ የሆነ ቦታ የዓምናውንና የመጪውን ዓመት ቀላቅለዋል።

በኤክሴል ለመሥራት B1 ላይ የአንድ አክሲዮን ትርፍ፣ B2 ላይ የተከፈለ ድርሻ፣ B3 ላይ በካፒታል ላይ የሚገኝ ትርፍ፣ B4 ላይ የሚፈልጉትን ተመላሽ ይጻፉና ከ B5 እስከ B8 ይህን ያስገቡ፦

```
=B2/B1
=(1-B5)*B3
=B5/(B4-B6)
=B7*B1*(1+B6)
```

የመጨረሻው ሳጥን ተገቢውን ዋጋ በብር ይሰጥዎታል። ዕድገቱ በእጅ የሚጻፍበት ሳጥን አለመኖሩን ያስተውሉልኝ። ሆን ተብሎ ነው።

ድርሻው ሲነካ ዕድገቱም ይነካል

ለምን ሆን ተብሎ እንደሆነ ለማየት ይህን ይሞክሩ። ባንኩ ለባለአክሲዮኖቹ ደግ ሆኖ የክፍፍል ድርሻውን ከ60 ወደ 80 በመቶ ቢያሳድግ (መጠባበቂያው ሞልቷል እንበል) ተገቢው ፒ/ኢ ምን ይሆናል? ዕድገቱን 8 ላይ ትቶ 0.80ን ለ0.12 ያካፈለ ሰው 6.7 ያገኛል፤ አክሲዮኑ ውድ መሆን ይገባዋል ብሎ ይደመድማል። ነገር ግን አሁን የቀረው ትርፍ 20 በመቶ ብቻ ነው፤ ዕድገቱ 4 በመቶ ሆኗል። 0.80 ለ0.16 ሲካፈል ያው 5 ነው። ወደ ሌላው ወገን ይሂዱና ድርሻውን ወደ 40 በመቶ ያውርዱ፦ ዕድገቱ 12፣ ማካፈያው 0.08፣ ውጤቱ አሁንም 5።

ይህ የሆነው ባንኩ በካፒታሉ ላይ የሚያተርፈው 20 በመቶ እርስዎ ከሚፈልጉት 20 በመቶ ጋር እኩል ስለሆነ ነው። በዚህ ሁኔታ ባንኩ ቢያከፋፍልም ቢያስቀርም ለእርስዎ አንድ ነው። ዋጋውም 1,620 መሆኑ በአጋጣሚ አይደለም፤ 1,500 ላይ ያልተከፋፈለው 120 ሲጨመር በአንድ አክሲዮን የሚደርሰው የባንኩ ሀብት ልክ 1,620 ብር ነው።

አሁን ባንኩ 25 በመቶ የሚያተርፍ ነው ይበሉ። በ60 በመቶ ክፍፍል ዕድገቱ 10 ነው፤ ተገቢው ፒ/ኢ 6 ይሆናል። ድርሻውን ወደ 40 ቢያወርድ ዕድገቱ 15፣ ፒ/ኢው 8 ይደርሳል። እንዲህ ያለ ባንክ ትርፉን ሲያስቀር ባለአክሲዮን ማጉረምረም የለበትም። 15 በመቶ ብቻ በሚያተርፍ ባንክ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። በ60 በመቶ ክፍፍል 4.3 የነበረው፣ ድርሻው ወደ 40 ሲወርድ 3.6 ይሆናል። ባንኩ እያደገ፣ ቅርንጫፍ እየከፈተ፣ ሪፖርቱም እያማረ የአክሲዮኑ ተገቢ ዋጋ ግን ይቀንሳል። በጉባኤ ላይ «ትርፉን እናስቀረው፣ ባንካችን ይደግ» ሲባል እጅ ከማውጣትዎ በፊት ማየት ያለብዎት ይህን ነው።

የሻጩን ዋጋ ገልብጦ መመርመር

ወደ 2,520 እንመለስ። ዋጋው ከ1,620 በጣም ይርቃል፤ ግን ወዲያውኑ «ውድ ነው» ከማለት ይልቅ ሻጩ ምን እያመነ እንደሆነ ማስላት ይቻላል። ዋጋውን በሚፈልጉት ተመላሽ ያባዙ፤ ከዚያ የዓምናውን ድርሻ ይቀንሱ፤ የቀረውን ለዋጋውና ለድርሻው ድምር ያካፍሉ። 2,520 በ0.20 ሲባዛ 504፤ 180 ሲቀነስ 324፤ ለ2,700 ሲካፈል 12 በመቶ። ይህን ዋጋ ከፍለው 20 በመቶ ለማግኘት ትርፉ በየዓመቱ፣ ለዘላለም፣ በ12 በመቶ ማደግ አለበት። ከትርፉ 40 በመቶ ብቻ እያስቀረ 12 በመቶ ለማደግ ደግሞ ባንኩ በካፒታሉ ላይ 30 በመቶ ማትረፍ ይኖርበታል። አሁን የሚያተርፈው 20 ነው። ጥያቄው ከ«2,520 ውድ ነው?» ወደ «ይህ ባንክ 30 ሊደርስ፣ ደርሶም እዚያ ሊቆይ ይችላል?» ተለወጠ። ይህ ጥያቄ ከሪፖርቱ ጋር ተቀምጦ የሚመለስ ነው።

ቀመሩ የሚታመንበትና የማይታመንበት

አንድ ቁጥር ብቻ ይዘው አይውጡ። የሚፈልጉትን ተመላሽ በሁለት ነጥብ ከፍና ዝቅ ያድርጉት። በ22 በመቶ ዋጋው ወደ 1,389 ብር ይወርዳል፤ በ18 በመቶ ወደ 1,944 ይወጣል። የሁለት ነጥብ ለውጥ ዋጋውን ከ231 እስከ 324 ብር አንቀሳቅሷል። ማካፈያው እየጠበበ ሲሄድ ደግሞ መንቀጥቀጡ ይብሳል። ክፍፍሉ 60 በመቶ ሆኖ ዕድገቱ 16 ቢሆን ፒ/ኢው 15 ይሆናል፤ 18 ቢሆን ወደ 30 ይዘላል። በተመላሹና በዕድገቱ መካከል ያለው ልዩነት ከአራት ወይም ከአምስት ነጥብ በታች ከሆነ ውጤቱን አይመኑት። በፍጥነት እያደገ ላለ ወጣት ባንክም ይህ ቀመር አይሆንም። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ድርሻ አንድ በአንድ አስልቶ፣ ዕድገቱ ከረጋ በኋላ ያለውን ብቻ በዚህ ቀመር መዝጋት ይገባል። ድርሻ ለማይከፍልና ለሚከስር ኩባንያ ደግሞ ጭራሽ አይሠራም።

ለምሳሌያችን ባንክ ግን ልዩነቱ 12 ነጥብ ስለሆነ ውጤቱ ሊታመን ይችላል። በ2,520 ብር አይግዙት። በ1,620 አካባቢ ካገኙት የሚፈልጉትን 20 በመቶ ያገኛሉ፤ እስከ 1,900 መሄድ የሚችሉት 18 በመቶ የሚያረካዎ ከሆነ ነው። 2,520 የሚጠይቀው ሻጭ ግን ባንኩ በካፒታሉ ላይ የሚያገኘው ትርፍ ከ20 እንዴት ወደ 30 እንደሚወጣ በሪፖርት ያሳይዎ።